መርዶና ምርመራ፦ የማይድን በሽታ ስም በጫግኒ ሲተረጎም

በአገራችን ክፉ ወሬ እንደ ተገኘ አይነገርም። ዘመዱ በሩቅ አገር የሞተበት ሰው በመጀመሪያ የሚሰማው «ታሟል» የሚል ነው፤ ቀጥሎ «ጠንቶበታል» ይባላል፤ በመጨረሻም ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ተሰብስበው፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ በማለዳ ደርሰው ነገሩን ያረዱታል። መርዶ የሚባለው ይህ ሥርዓት ብዙ ነገር ያለሰልሳል። ሰዓቱ ይመረጣል፣ ነጋሪው ይመረጣል፣ አብሮ የሚቀመጠው ሰው ይመረጣል፤ ቃሉም «ሞተ» ከማለት «አረፈ» ወይም «ተለየን» ወደ ማለት ይዞራል። የማይለሰልስ አንድ ነገር ግን አለ፤ መርዶ የተረዳ ሰው ከዚያ ማለዳ በኋላ ማን እንደ ሞተና መሞቱ እርግጥ መሆኑን አይስትም። ቃሉ ቢለዝብም ፍሬ ነገሩ አይለወጥም።

ይኸው ልማድ ወደ ሕክምና ቤት ሲገባ ግማሹ ብቻ ገብቷል። የማይድን በሽታ ያለበት ሰው ምርመራው ሲነገረው፣ በተለይም ቃሉ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ቋንቋ በሚሻገርበት ሥፍራ፣ ማለሳለሱ በሙሉ ተወስዶ ማለዳው ተረስቷል። «ጠንቶበታል» የሚለው ቃል ይነገራል፤ ቀጥሎ የሚመጣው፣ ነገሩን በስሙ የሚጠራው ሰው ግን አይመጣም። ከዚህ የሚከተለው ጉዳት ምን እንደ ሆነ፣ የትኛው ቃል ቢለዝብ ግድ እንደሌለውና የትኛው ፈጽሞ መጥፋት እንደሌለበት ለማየት ጫግኒን የመሰለ ምቹ ሥፍራ ጥቂት ነው።

ጫግኒ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ዘመን የመተከል አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ዛሬ በአማራ ክልል በአዊ ዞን የምትገኝ ሲሆን የቀድሞው መተከል አብዛኛው ክፍል ከ1980ዎቹ ዓ.ም. የአስተዳደር ለውጥ ወዲህ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ውስጥ ይገኛል። ወሰኑ ቢለወጥም የገበያውና የሕክምናው መንገድ አልተለወጠም። ከእንጅባራ ተነሥቶ ወደ ግልገል በለስ የሚወርደው መንገድ የሚያልፈው በጫግኒ በኩል ነው፤ በዚህም ምክንያት በከተማይቱ የሕክምና በር ላይ አዊኛ፣ ብዙዎች አገውኛ የሚሉት፣ ከአማርኛ፣ ከጉሙዝኛና ከሺናሽኛ ጋር ይገናኛል። በ1977 ዓ.ም. ከድርቁ በኋላ ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች ብዙ ሕዝብ ወደ ፓዌ ሲሰፍር የቋንቋው ቁጥር ይበልጥ ጨመረ። አዊኛ ከኩሽ ቋንቋዎች ወገን ሲሆን አማርኛ ሴማዊ ነው፤ ለዘመናት ጎን ለጎን የኖሩ ቢሆኑም አንዱን የሚያውቅ ሌላውን በራሱ አይረዳም።

ለሐኪሙ የሚደርሰው ወረቀት ደግሞ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ስለዚህ አንድ የምርመራ ውጤት ወደ ታማሚው ጆሮ እስኪደርስ ሁለት ጊዜ ይተረጎማል፤ መጀመሪያ ሐኪሙ ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ ያወርደዋል፣ ቀጥሎ ሌላ ሰው ከአማርኛው ወደ አዊኛ ያሻግረዋል። ያ ሌላ ሰው ቀድሞ በአብዛኛው ድሬሰሩ ነበር፤ ዛሬ የአካባቢው ተወላጅ የሆነች ነርስ ትሆናለች፤ ብዙ ጊዜ ግን ታማሚውን ያመጣው ልጁ ነው። ሁለቱም መሻገሪያዎች ላይ ቃሉ ትንሽ ይለዝባል። እያንዳንዱ ማለዘብ ለብቻው ሲታይ የርኅራኄ ሥራ ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ ግን የበሽታውን ማንነት ሊለውጡ ይችላሉ።

ለዚህ ዋና ምሳሌ የሚሆነው «ነቀርሳ» የሚለው የአማርኛ ቃል ነው። ነቀርሳ ብቻውን ሲነገር እያደገ ሥጋ የሚበላውን ክፉ እባጭ፣ ማለትም ካንሰርን ያመለክታል። «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ግን ቃሉ ፈጽሞ ሌላ በሽታን፣ በሳል የሚተላለፈውን ቲቢን ይጠራል። ስለዚህ የሳንባ ካንሰር የያዘውን ሰው በሽታ ሊለሰልስ የፈለገ፣ ወይም «ካንሰር» የሚለውን የፈረንጅ ቃል ወደ አገር ቃል ሊመልስ የሞከረ አስተርጓሚ «የሳንባ ነቀርሳ» ሲል አንድም የአማርኛ ስሕተት አልሠራም፤ ነገር ግን የሌላ በሽታ ስም ተናግሯል።

የቃሉ ታሪክ ችግሩን ያጠነክረዋል። ስትሬፕቶማይሲን በ1943 እ.ኤ.አ. ከመገኘቱ በፊት ቲቢ ራሱ ብዙ ሰው የሚገድል፣ ስሙን መጥራት የሚያስፈራ በሽታ ነበር። በዚያ ዘመን የሳንባ ነቀርሳ ማለትና የሌላ አካል ነቀርሳ ማለት በሰሚው ልብ የሚፈጥሩት ፍርሃት ተቀራራቢ ነበር። ዛሬ ግን ቲቢ በአራት መድኃኒቶች ለሁለት ወር፣ ቀጥሎ በሁለት መድኃኒቶች ለአራት ወር፣ በጠቅላላው በ6 ወር የሚድን በሽታ ሆኗል። በኢትዮጵያ መድኃኒቱን በጤና ሠራተኛ ፊት የመዋጥ አሠራር በሙከራ የተጀመረው በ1992 እ.ኤ.አ. በአርሲና በባሌ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በየቀበሌው የሳንባ ነቀርሳ ይዞት የዳነ ሰው ማግኘት ቀላል ነው። የአንዱ ቃል ሁለት ትርጉሞች እርስ በርስ ተራርቀው አንዱ የመዳን፣ ሌላው የመሞት ስም ሆነዋል ማለት ነው። ቃሉ ግን ያው አንድ ቃል ነው።

ሁለቱን የሚለያቸው የመዳንና ያለመዳን ነገር ብቻ አይደለም። ቲቢ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ካንሰር አይተላለፍም። ስለዚህ የስሙ መቀላቀል በአንድ ጊዜ ሁለት የተሳሳቱ ነገሮችን ወደ ቤት ያስገባል፤ የማይገባ ተስፋንና የማይገባ ፍርሃትን።

ነገሩ በተግባር እንዴት እንደሚሆን ለማየት አንድ ምሳሌ ደረጃ በደረጃ መከተል ይበጃል። ሰውየው ማንንም አይወክልም፤ ነገር ግን በየዕለቱ ሊያጋጥም የሚችል ነው። ከጫግኒ ዙሪያ ከሚገኝ ቀበሌ የመጣ 60 ዓመት ያለፈው አዊኛ ተናጋሪ ገበሬ ለወራት ሲያስለው ቆይቶ ከሰውነቱ ይከሳል። አክታው ተመርምሮ የቲቢ ተሐዋሲ አይገኝበትም። ራጅ ሲነሣ በሳንባው ላይ እባጭ ይታያል፤ ወደ ባሕር ዳር ተልኮ ከእባጩ ናሙና ይወሰዳል፤ ውጤቱም ካንሰር መሆኑንና ወደ ጉበቱ መዛመቱን ይገልጻል። ወረቀቱን ይዞ ወደ ጫግኒ ይመለሳል። ሐኪሙ አዊኛ አያውቅም፤ ገበሬውም አማርኛውን ለገበያ የሚያህል እንጂ ለዚህ የሚበቃ አያውቅም። መካከላቸው የቆመው ልጁ ነው።

ሐኪሙ እንዲህ ይላል፦ «ሳንባዎ ላይ ያለው ካንሰር ነው፤ ወደ ጉበትም ተዛምቷል። የሚያድን ሕክምና የለንም፤ ሕመሙንና የትንፋሹን ማጠር ግን ማስታገስ እንችላለን።» ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ በአዊኛ የሚናገረው በአማርኛ ሲመለስ ይህን ያህል ነው፦ «አባባ፣ ሳንባዎ ላይ ነቀርሳ አለ ይላል። ወደ ሌላ እንዳይሄድ መድኃኒት ይሰጡዎታል፤ ይሻልዎታል።» ሐኪሙ የልጁን ዓረፍተ ነገር አልተረዳም፤ ሽማግሌው ራሱን ሲነቀንቅ አይቶ መልእክቱ ደርሷል ብሎ ያምናል።

በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ ሦስት ነገሮች ተለውጠዋል። አንደኛው ስሙ ነው፤ ካንሰር ነቀርሳ ሆኖ፣ ሳንባ ከሚለው ቃል ጋር ሲገጣጠም ቲቢን ሆነ። ሁለተኛው የሆነው ነገር ሊሆን ከሚችል ነገር ጋር ተለዋወጠ፤ «ተዛምቷል» የሚለው ያለፈ ነገር «እንዳይሄድ» በሚል የመከላከል ቃል ተተካ። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ ልብ የማይባለው የግሡ ለውጥ ነው። በአማርኛ ማዳን፣ መሻልና ማስታገስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማዳን በሽታውን ማጥፋት ነው፤ ማስታገስ በሽታው እያለ ሕመሙን ማብረድ ነው፤ «ይሻልዎታል» ግን በሁለቱ መካከል የቆመ ከመሆኑም በላይ እንደ ምርቃት የሚነገር ቃል ነው። ታማሚን ጠያቂ ሁሉ «ይማርዎ፣ ይሻልዎታል» ብሎ ይወጣል። ምርቃቱ በሐኪም ስም ሲነገር ግን ምርቃት መሆኑ ቀርቶ የሕክምና ተስፋ ይሆናል።

የሚከተለውም በዚሁ መጠን ነው። ሽማግሌው ጎረቤቱ በ6 ወር ኪኒን ከሳንባ ነቀርሳ መዳኑን ያውቃልና እርሱም ስድስተኛውን ወር መቁጠር ይጀምራል። ሚስቱ ዋንጫውን ትለይበታለች፤ የልጅ ልጆቹ ጭኑ ላይ እንዳይቀመጡ ይከለከላሉ። የተሰጠው የሕመም ማስታገሻ ነቀርሳውን የሚያድን መድኃኒት መስሎት ሳያድነው ሲቀር ይተወዋል፤ ሕመሙም ይብስበታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ የተሻለ ሐኪም ፍለጋ በሬ ይሸጣል። ከጫግኒ አዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከተጀመረ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አንሥቶ ለረዥም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው ማዕከል እርሱ ስለ ነበር ብዙ ሰው ይህን ጉዞ በእርግጥም ማድረግ ነበረበት። ነገር ግን ሊረዳው የሚችለውን ሕክምና ፈልጎ መሄድና ምን እንደሚጠብቀው ሳያውቅ መሄድ አንድ አይደሉም። በሬውን የሸጠው እርሱ ቢሆንም ውሳኔው የእርሱ አልነበረም፤ የሚወስንበት ነገር አልተነገረውምና።

ልጁ ግን በደለኛ አይደለም። ልጅ ለአባቱ «የሚያድን የለም» ብሎ መናገር በልማዱም በልቡም አይሆንለትም፤ መርዶ ነጋሪ የሚሆነው ሽማግሌ እንጂ ልጅ አይደለምና። ስሕተቱ መርዶ ነጋሪ በማይሆን ሰው ላይ መርዶ መጫኑ ነው።

የቤተሰቡም አካሄድ የኋላ ቀርነት ምልክት አይደለም። በምዕራቡ ዓለም ሳይቀር ከታማሚው መደበቅ ለረዥም ዘመን የተመሰገነ ሥራ ነበር። በ1961 እ.ኤ.አ. ዶናልድ ኦኬን በቺካጎ 219 ሐኪሞችን ጠይቆ ከመቶ 90 የሚሆኑት ለካንሰር ታማሚ በሽታውን አለመንገር እንደሚመርጡ አገኘ። ይኸው መጠይቅ በ1979 እ.ኤ.አ. በሌላ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሲደገም ከመልስ ሰጪዎቹ ከመቶ 97 መንገርን መርጠው ተገኙ። በ18 ዓመት ውስጥ የተገላበጠ ልማድ የሰው ልጅ ሁሉ ዘለዓለማዊ ሕግ ነው ማለት አስቸጋሪ ነው።

ይህ የተለወጠው የአሜሪካ ልማድ ከኢትዮጵያውያን ስደተኞች ጋር ሲገናኝ የተፈጠረውን ግጭት የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪዋ የውብዳር በየነ በ1992 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በታተመ ጽሑፋቸው መርምረውታል። የደረሱበት ፍሬ ሐሳብ ይህ ነው፤ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ክፉ ወሬ መነገር ያለበት በመጀመሪያ ለታማሚው ዘመድ ወይም የቅርብ ወዳጅ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ በተገቢው ጊዜና ሥፍራ፣ ባህሉ በሚያውቀው መንገድ ለታማሚው ያስረዳዋል። ይህን አባባል ብዙዎች ግማሹን ብቻ ይዘው «ኢትዮጵያዊ ለታማሚው አይናገርም» ይላሉ። ጽሑፉ የሚለው ግን አይናገርም ሳይሆን በሌላ ሰውና በሌላ ሰዓት ይናገራል ነው። የመርዶው ማለዳ በውስጡ አለ።

ይህ ማለዳ ሳይመጣ ቢቀር ታማሚው የሚያጣው ምንድን ነው? በጫግኒ ገጠር ለሚኖር ገበሬ መልሱ የሚጨበጥ ነው። የሞቱን መቅረብ ያወቀ ሰው የንስሐ አባቱን ያስጠራል፣ ያበደረውንና የተበደረውን ይቆጥራል፣ በሽማግሌዎች ፊት ይናዘዛል። ሕጉም ለዚህ ጊዜ ይሰጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በጽሑፍ ሆኖ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ ያዛል። ሞቱ እንደ ቀረበ የተሰማው ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል መናዘዝም ይፈቀድለታል፤ ነገር ግን የቃል ኑዛዜ የሚይዘው ነገር ጠባብ ነው፤ የቀብርን ሥርዓት፣ አነስተኛ ስጦታንና የልጆችን ሞግዚትነት ከመሳሰለው እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ ሙሉውን ኑዛዜ ማድረግ የሚችለው ቀደም ብሎ ያወቀና አራት ሰው ለመሰብሰብ ጉልበት የቀረው ሰው ነው። ስድስተኛውን ወር እየቆጠረ የሚጠብቅ ሰው ይህን አያደርግም፤ በኋላ በልጆቹ መካከል ለሚነሣው ክርክር መነሻው በሕክምና ቤት የተነገረች አንዲት ለስላሳ ቃል ልትሆን ትችላለች።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መለያ መስመር ግልጽ ነው። ሰዓቱ፣ ሥፍራው፣ አብሮ የሚቀመጠው ሰው፣ የንግግሩ ፍጥነትና የድምፁ ልስላሴ በቤተሰቡና በባህሉ እጅ ነው፤ ይህን የሚያጠነክር ሐኪም ምንም አይጠቅምም። «ሞት» የሚለውን ቃል አለመጥራትም ይቻላል። ሦስት ነገሮች ግን በየትኛውም ቋንቋ ሲሻገሩ በእርግጠኛ ቃል መድረስ አለባቸው፤ ከሌላ በሽታ ጋር የማይቀላቀል የበሽታው ስም፣ ሕክምናው ያድናል ወይስ ያስታግሳል የሚለው፣ እንዲሁም ይተላለፋል ወይስ አይተላለፍም የሚለው።

ከላይ የተጠቀሰው ንግግር ርኅራኄውን ሳያጣ በዚህ መስመር ውስጥ ሊነገር ይችላል፦ «አባባ፣ ሳንባዎ ላይ ያለው ካንሰር የሚባለው ነው። በኪኒን የሚድነው፣ ጎረቤትዎን ይዞት የነበረው የሳንባ ነቀርሳ አይደለም። ወደ ልጆቹ አይተላለፍም፤ ይቀፏቸው። ነቅሎ የሚያወጣው ሕክምና የለም፤ ሕመሙን ግን ያስታግሱልዎታል። እኛም አጠገብዎ ነን።» በዚህ ውስጥ «ይሞታሉ» የሚል ቃል የለም፤ የቀረው ዕድሜ በወር አልተቆጠረም። ይሁን እንጂ ሰውየው ከዚህ በኋላ በተሳሳተ ስም አይኖርም። የጠፋው «አይደለም» የሚለው ቃል ተመልሶ መግባቱን ልብ ይሏል፤ አንድ ቃል ሁለት በሽታ ሲጠራ የበሽታውን ስም መናገር ብቻ አይበቃም፣ ያልሆነውንም መናገር ያስፈልጋል።

ከዚህ ንግግር በፊት የሚቀድም አንድ ጥያቄም አለ፤ ለታማሚው ለራሱ የሚቀርብ ነው፦ «ውጤትዎን እርስዎ መስማት ይፈልጋሉ ወይስ ለሚያምኑት ሰው እንንገር?» ልማዱና የታማሚው መብት የሚታረቁት በዚህ ጥያቄ ነው፤ «ለታላቅ ወንድሜ ንገሩ» ያለ ሰው መርዶ ነጋሪውን ራሱ መረጠ እንጂ አልተደበቀበትም። ነገር ግን ጥያቄው የሚጠፋው በትርጉም ላይ ነው። ልጁ ጥያቄውን ሳያሻግር ራሱ «ለእኔ ንገሩኝ» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ስለዚህ ይህችን አንዲት ጥያቄ የቤተሰብ አባል ያልሆነ ሰው ቢተረጉማት ይሻላል።

ቃሉ በትክክል መድረሱ የሚታወቀው በራስ መነቅነቅ አይደለም። በአገራችን ራስ መነቅነቅ ብዙ ጊዜ የአክብሮት እንጂ የመረዳት ምልክት አይደለም። የሚያስጠነቅቁ ምልክቶች ሌሎች ናቸው፤ ሐኪሙ ረዥም ተናግሮ ትርጉሙ በሁለት ቃል ሲያበቃ፣ ታማሚው እፎይ ብሎ ፈገግ ሲል፣ ወይም «መድኃኒቱን መቼ ነው የምጨርሰው?» ብሎ ሲጠይቅ። ሁነኛው መፈተኛ ግን ታማሚው «ጎረቤት ሲጠይቅዎ በሽታዬ ምንድን ነው ይሉታል?» ተብሎ መልሱ ወደ አማርኛ እንዲመለስ ማድረግ ነው። «የሳንባ ነቀርሳ ነው እላለሁ» ካለ ሥራው እንደ ገና ይጀመራል። ለዚህም ሐኪሙ አስቀድሞ ከአስተርጓሚው ጋር ለሁለት ደቂቃ ተቀምጦ ለካንሰር፣ ለማዳንና ለማስታገስ በአዊኛ የትኛውን ቃል እንደሚጠቀሙ መስማማት ይኖርበታል።

ነጋሪውን ማግኘትም አሁን ከቀድሞው ቀላል ነው። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሰፈራቸውን ቋንቋ የሚያውቁና በየቤቱ የሚገቡ ናቸው። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያም የማይድን ሕመም ያለበትን ሰው በቤቱ ማስታመም የሚቻል መሆኑን አሳይቷል። በጫግኒ ሐኪም ክፍል የጠፋው ማለዳ ምናልባት በሽማግሌው በራሱ ደጃፍ፣ ከታላቅ ወንድሙና ከአንዲት የቀበሌው ጤና ሠራተኛ ጋር፣ በገዛ ቋንቋው ሊመጣ ይችላል። የዚያን ጊዜ ዋንጫው ይመለሳል፣ ልጆቹም ወደ ጭኑ ይመለሳሉ፤ በሬውን መሸጥ ወይም አለመሸጥም የሽማግሌው የራሱ ውሳኔ ይሆናል።